ሰማዩን ሰማያዊ፣ የምትጠልቀዋን ፀሐይ ቀይ የሚያደርገው ያው አንዱ አየር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ለሥራ ሐረር እመላለሳለሁ። ሰማይ ሰማያዊ የሚሆነው የባሕሩን ቀለም ስለሚያንጸባርቅ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሌላው ደግሞ አየሩ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትን ነው ይላል። አየሩ ሰማያዊውን የሚበትን ከሆነ ያው አየር ማታ ፀሐይዋን ለምን ያቀላታል? ሐረር ስወጣስ ሰማዩ ከድሬ ይልቅ የጠለቀ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየኝ ለምንድን ነው?»

ምላሽ፦ ትክክለኛው ሁለተኛው አባባል ነው። ቀን ከሰማዩ ወደ ዓይንዎ የሚመጣው ሰማያዊ፣ ከፀሐይ ቀጥታ ጨረር ላይ ተነጥሎ በአየሩ ሞሎኪውሎች የተበተነው ብርሃን ነው፤ ማታ በፀሐይዋ ላይ የሚያዩት ቅላት ደግሞ ያንኑ ብተና አልፎ የተረፈው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ነገሮች አይጋጩም፤ አንዱ ሌላውን የግድ ያስከትላል። የድሬዳዋና የሐረር ልዩነት ግን፣ ከዚህ በታች በቁጥር እንደማሳየው፣ በአብዛኛው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

የባሕሩን ነገር በአጭሩ ላንሳውና ልለፈው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ከደንገጎ ሆነው ራቅ ወዳሉት ጋራዎች ሲመለከቱ፣ ሳርና ድንጋይ የለበሰው ተራራ በርቀቱ ልክ ሰማያዊ እየሆነ እንደሚሄድ ያስተውላሉ። ተራራው ሰማያዊ አይደለም፤ በእርስዎና በተራራው መካከል ያለው አየር ከፀሐይ የተቀበለውን ብርሃን ወደ እርስዎ ሲበትነው፣ ያ ብርሃን በጠቆረው ተራራ ላይ ተነጥፎ ይታያል። ያ አየር ወደ ላይ በሚመለከቱበት ጊዜ ከሚያዩት አየር ጋር አንድ ነው፤ በአካባቢውም የሚያንጸባርቀው ባሕር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የፀሐይ ብርሃን ቀያዩም ሰማያዊውም በአንድ ላይ የተደባለቁበት ነው፤ የሚለያዩት በሞገድ ርዝመታቸው ሲሆን፣ የቀይ ብርሃን ሞገድ 650 ናኖሜትር ገደማ፣ የሰማያዊው ደግሞ 450 ናኖሜትር ገደማ ይረዝማል። አየሩን በአብዛኛው የሞሉት የናይትሮጅንና የኦክስጅን ሞሎኪውሎች ግን ከአንድ ናኖሜትር እንኳ በጣም ያንሳሉ። የብርሃን ሞገድ በሞሎኪውሉ ላይ ሲያልፍ፣ የሞገዱ የኤሌክትሪክ መስክ የሞሎኪውሉን ኤሌክትሮኖች ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛቸዋል። የሚወዛወዝ ኤሌክትሮን ደግሞ ራሱ በዙሪያው ብርሃን ይረጫል። የሚረጨውም ያንኑ የተቀበለውን ቀለም ነው፤ ሞሎኪውሉ ብርሃኑን ውጦ አያስቀረውም፣ ቀለሙንም አይለውጠውም፣ አቅጣጫውን ብቻ ይቀይረዋል።

ታዲያ ሰማያዊው ለምን ይበልጣል? ሞገዱ ያጠረ ብርሃን በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት፣ ማለትም ድግግሞሹ፣ ይበልጣል። የናይትሮጅንና የኦክስጅን ኤሌክትሮኖች በራሳቸው ለመወዛወዝ የሚመቻቸው ድግግሞሽ ከሚታየው ብርሃን በላይ፣ በአልትራቫዮሌቱ ክልል ውስጥ ርቆ የሚገኝ ስለሆነ፣ ቀይም መጣ ሰማያዊ ኤሌክትሮኖቹ ከቦታቸው የሚናወጡበት ርቀት ያን ያህል አይለያይም። የሚለያየው ፍጥነታቸው የሚለዋወጥበት ኃይል ነው። አንድን ርቀት ሁለት እጥፍ በሆነ ድግግሞሽ የሚመላለስ ነገር የፍጥነት ለውጡ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የሚረጨው የብርሃን ኃይል ደግሞ የዚህ የፍጥነት ለውጥ ካሬ ስለሆነ አሥራ ስድስት እጥፍ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ብተናው በድግግሞሹ አራተኛ ርቢ ያድጋል፣ በሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ርቢ ይቀንሳል። 650ን ለ450 አካፍለው ውጤቱን ወደ አራተኛ ርቢ ቢያደርሱት 4.35 ያገኛሉ። ያም ማለት አንድ የአየር ሞሎኪውል እኩል የቀረበለትን ሰማያዊ ብርሃን ከቀዩ አራት እጥፍ በላይ አብልጦ ይበትነዋል ማለት ነው።

ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1871 ያወጣው እንግሊዛዊው ጆን ዊልያም ስትረት ሲሆን፣ ኋላ ሎርድ ሬይሌይ ተብሎ ስለታወቀ ብተናው የሬይሌይ ብተና ይባላል። መጀመሪያ ላይ ብርሃኑን የሚበትኑት በአየሩ ውስጥ የተንሳፈፉ ደቃቅ ብናኞች ናቸው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ያለ ምንም ብናኝ ሞሎኪውሎቹ ብቻቸውን ለሰማዩ ሰማያዊነት እንደሚበቁ እሱ ራሱ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ይህን የማነሳው «ሰማዩን የሚያቀልመው አቧራ ነው» የሚለው አነጋገር አሁንም በየቦታው ስለሚሰማ ነው። እንደምንመለከተው አቧራ የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው።

እዚህ ላይ ተከትሎ የሚመጣ ተገቢ ጥያቄ አለ፤ ሐምራዊ ብርሃን ከሰማያዊውም የሚያጥር ሞገድ ስላለው ይበልጥ ይበተናል፣ ታዲያ ሰማዩ ለምን ሐምራዊ አልሆነም? ሐምራዊው በሰማዩ ብርሃን ውስጥ በእርግጥ አለ። ነገር ግን ፀሐይ የምትሰጠው ሐምራዊ ከሰማያዊው ያነሰ ነው፣ ዓይናችንም ለሐምራዊ ያለው ስሜት ደካማ ነው። ከዚህም በላይ ዓይን ቀለምን የሚለየው ሦስት ዓይነት ሕዋሳት የሚሰጡትን ምላሽ በማነጻጸር ስለሆነ፣ ከሰማዩ የሚመጣው ድብልቅ፣ ማለትም ብዙ ሐምራዊና ሰማያዊ፣ መጠነኛ አረንጓዴ፣ ጥቂት ቢጫና ቀይ ያለበት ብርሃን፣ ነጭ ከተቀላቀለበት ሰማያዊ ጋር አንድ ዓይነት ምላሽ ይቀሰቅሳል። ሰማዩ ንጹሕ የሆነ አንድ ቀለም እንዳልሆነ ማስታወስ ለቀጣዩ ክፍል ይጠቅማል።

እስካሁን የተናገርነው አንድ ሞሎኪውል ምን እንደሚያደርግ ነው። ፀሐይዋ ለምን እንደምትቀላ ለማወቅ ግን ብርሃኑ ስንት አየር አቋርጦ እንደመጣ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ድሬዳዋን ምሳሌ አድርገን እንቁጠረው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከአናቷ በላይ ያለው የአየር መጠን በባሕር ወለል ላይ ካለው 87 ከመቶ ገደማ ነው። ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት ገደማ በድሬዳዋ አናት ላይ ቀጥ ብላ ታልፋለችና፣ ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ጨረሩ የሚያቋርጠውን አየር «አንድ አየር» ብለን እንጥራው። ሳይበተን በቀጥታ የሚደርሰው ብርሃን የሚሰላው እንዲህ ነው፦

I = I₀ × e^(−τ × m)

I₀ ከከባቢ አየሩ በላይ ያለው ብርሃን ነው፤ e 2.718 ገደማ የሆነ ቋሚ ቁጥር ነው፤ m ብርሃኑ ያቋረጠው አየር ከዚያ «አንድ አየር» ስንት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል፤ τ ደግሞ በዚያ አንድ አየር ውስጥ ሞሎኪውሎቹ ያላቸው የመበተን ብርታት ሲሆን፣ ለድሬዳዋ ከፍታ ለሰማያዊው 0.19 ገደማ፣ ለቀዩ 0.043 ገደማ ነው።

እኩለ ቀን ላይ m አንድ ስለሆነ፣ ከሰማያዊው 83 ከመቶ፣ ከቀዩ 96 ከመቶ ገደማ በቀጥታ ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ፀሐይዋ ነጭ ሆና ትታያለች። የጎደለው 17 ከመቶ ሰማያዊና 4 ከመቶ ቀይ የት ገባ ቢሉ፣ ከግማሽ የማይተናነሰው ወደ ሕዋው ተመልሷል፣ የቀረው ደግሞ ከየአቅጣጫው ወደ እርስዎ ወርዷል፤ የሰማዩ ቀለም ያ የወረደው ነው። ከሰማያዊው የተነጠለው ከቀዩ አራት እጥፍ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ፀሐይዋ ከአድማሱ በላይ አምስት ዲግሪ ስትቀር፣ ጨረሩ አየሩን በጣም ጋድሎ ስለሚያቋርጥ m 10.3 ገደማ ይደርሳል። ያኔ ከሰማያዊው የሚደርሰው 14 ከመቶ ብቻ ሲሆን ከቀዩ ግን 64 ከመቶ ይተርፋል። ፀሐይዋ ቢጫ ሆናለች፣ ገና አልቀላችም። ከዚያ በኋላ ያለው ለውጥ ግን ፈጣን ነው፤ ልክ አድማሱን ስትነካ m 38 ገደማ ይሆናል፤ ከቀዩ 20 ከመቶ፣ ከአረንጓዴው 4 ከመቶ ያህል ይቀራል፣ ከሰማያዊው ግን ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እኩለ ቀን ላይ እኩል ለመባል ጥቂት የቀራቸው ሁለቱ ቀለሞች አሁን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ተራርቀዋል። አየሩ ከቀን ይልቅ ማታ ሌላ ነገር አልሠራም፤ ያንኑ ሰማያዊውን አብልጦ የመንጠል ሥራ በረጅሙ መንገድ ላይ ደጋግሞ ሠራው እንጂ። ያ የተነጠለ ሰማያዊም አልጠፋም፤ በእኛ ማታ ላይ ያለችው ጨረር ወደ እኛ ከመድረሷ በፊት ባቋረጠቻቸው፣ ከእኛ በስተ ምዕራብ ባሉትና ገና ቀን በሆነባቸው አገሮች ላይ ሰማያዊ ሰማይ ሆኖ ተዘርግቷል።

ከዚህ ስሌት አንድ በተግባር የሚታይ ነገር ይወጣል። ትልቁ የቀለም ለውጥ በመጨረሻዎቹ አምስት ዲግሪዎች ውስጥ የታጨቀ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ የምትወርደው ከሞላ ጎደል ቀጥ ብላ ነው፤ አምስቱን ዲግሪ ለመጨረስ የሚፈጅባት 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ድሬዳዋ በስተ ደቡብ በኩል በተራራ የተከለለች ከተማ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጋደል ብላ ስትገባ፣ ከእርስዎ ሰፈር ሲታይ ጋራው ከአድማሱ በላይ አምስት ዲግሪ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ፀሐይዋ ገና ቢጫ እንዳለች ከጋራው ጀርባ ትሰወራለች፤ ቀይ የምትሆነውን ፀሐይ አያዩዋትም ማለት ነው። አምስት ዲግሪ ክንድዎን ዘርግተው ሦስት ጣቶችዎን ቢያጋድሙ የሚሸፍኑት ያህል ነው። በሰኔ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስታዘነብል ግን፣ ቆላው የተገለጠበት ቦታ ላይ ከቆሙ እስከ አድማሱ ሊከተሏት ይችላሉ። አንድ ሰው «እኛ ሰፈር ፀሐይ አትቀላም» ቢል ስለ አየሩ ሳይሆን ስለ ጋራው እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሐረር እንውጣ። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከአናቷ በላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው 80 ከመቶ ገደማ ነው። የድሬዳዋው 87 ነበር። ስለዚህ ከሐረር ሰማይ የተቀነሰው ሞሎኪውል ከድሬዳዋው ሰማይ ስምንት ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሰማዩን በጥቂቱ ያጠቁረዋል እንጂ እርስዎ በመኪና ወጥተው ወዲያው የሚያስተውሉትን ያህል ልዩነት ብቻውን አያመጣም። ብዙዎች «ሐረር ደጋ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ሰማዩ ይጠልቃል» ይላሉ፤ አቅጣጫው ትክክል ነው፣ መጠኑ ግን አይበቃም።

የሚበቃው አቧራው፣ ጭሱና ጭጋጉ ነው። እነዚህ እንደ አየሩ ሞሎኪውል ወደ ላይ ብዙ ከፍታ ድረስ አይዘረጉም፤ አብዛኛው የሚከማቸው ከመሬት በቀረበው ንብርብር ውስጥ ስለሆነ፣ 700 ሜትር ከፍ ማለት ከሞሎኪውሎቹ ይልቅ ከእነሱ የሚያስጥለው እጅግ ይበልጣል። የአቧራ ቅንጣት ደግሞ ከብርሃን ሞገድ ጋር እኩል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ስለሆነ የአራተኛ ርቢው ሕግ አይገዛውም። ቀይ ሰማያዊ ሳይለይ ሁሉንም ቀለም ተቀራራቢ በሆነ መጠን ይበትናል፤ በአብዛኛውም ብርሃኑን ወደ ፊት፣ ከመጣበት አቅጣጫ ብዙም ሳያርቀው ይገፋዋል። የደመና ጠብታ ነጭ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሰማያዊው ላይ ነጭ ሲጨመርበት ሰማዩ ይፈዛል፤ የድሬዳዋ ሰማይ በደረቅና ነፋሻ ቀን ነጣ የሚለው በዚህ ነው። ዝናብ ዘንቦ ካባራ በኋላ ያለውን የድሬዳዋ ሰማይ ከተራው ቀን የሐረር ሰማይ ጋር ቢያስተያዩ ልዩነቱ በጣም መጥበቡን ያያሉ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ከፍታው ግን ያው ነው።

የነጣው ሰማይ ከአቧራ መሆኑንና አለመሆኑን በዓይን መለየት ይቻላል። ረፋድ ላይ ከአንድ ረጅም ግንብ ጥላ ውስጥ ይቁሙ፤ ሐረር ከሆኑ የጀጎል ግንብ ለዚህ የተመቸ ነው። ፀሐይዋ በግንቡ ጫፍ ሙሉ በሙሉ መከለሏን ካረጋገጡ በኋላ፣ ፀሐይዋን ራሷን ጨርሶ ሳያዩ፣ ከግንቡ ጫፍ ወዲያ ያለውን ሰማይ ይመልከቱ። አየሩ ንጹሕ ከሆነ ሰማያዊነቱ እስከ ግንቡ ጫፍ ድረስ ይዘልቃል፤ አቧራ ካለበት ግን ወደ ፀሐይዋ በቀረቡ ቁጥር ሰማዩ እየነጣ ይሄድና ጫፉ ላይ ዓይን የሚያጭበረብር ነጭ ብርሃን ይሆናል፤ ምክንያቱም ሞሎኪውል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እኩል ሲበትን አቧራ ግን ወደ ፊት ያጋድላል። ለዚህ ሙከራ ወደ አድማሱ የቀረበውን ሰማይ አይጠቀሙ፤ እዚያ አየሩ በጣም ስለሚረዝም በንጹሕ ቀንም ቢሆን ነጣ ይላል። በዚያ ርዝመት ውስጥ ሰማያዊው ተበትኖ ሳይደርስ እንደገና ይበተናል፣ ቀዩም የመበተን ዕድል ያገኛል፣ ስለዚህ ቀለሞቹ ተመልሰው ይቀራረባሉ።

አቧራ በማታዋ ፀሐይ ላይስ ምን ያደርጋል? ከላይ ያሰላነው ለንጹሕ አየር ነው፤ በንጹሕ አየር ብቻ የምትጠልቅ ፀሐይ ከደም ቅላት ይልቅ ወደ ብርቱካናማ ታደላለች፣ ምክንያቱም ከቀዩ ጋር ጥቂት ቢጫና አረንጓዴ ይቀራል። በጣም ደቃቅ የሆነ ጭስ ወይም ጭጋግ ሲጨመርበት አጫጭሮቹን ሞገዶች ይበልጥ ስለሚቀንስ ፀሐይዋ ወደ ጠለቀ ቀይ ትሄዳለች። ሻካራው አቧራ ግን ቀለሞቹን ሁሉ አንድ ላይ ስለሚያደክማቸው ፀሐይዋን ያፈዛታል፤ በደንብ የበዛበት ቀን ፀሐይዋ አድማሱ ጋ ሳትደርስ እንደ ደበዘዘ ክብ ሆና ትጠፋለች። ስለዚህ «አቧራ በበዛ ቁጥር የፀሐይ መጥለቅ ያምራል» የሚለው የሚሠራው ለደቃቁ ቅንጣት፣ ያውም እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ ነው።

እርስዎ ያልጠየቁት፣ ግን ከዚሁ ጋር የማይነጣጠል አንድ ነገር ይቀራል። በስተ ምዕራብ ፀሐይዋ ቀልታ ስትገባ ቀና ብለው ወደ አናትዎ ቢመለከቱ ሰማዩ አሁንም ሰማያዊ ነው። እስካሁን በተናገርነው ብቻ ቢሆን ይህ ሊሆን አይገባውም ነበር፤ ያንን ከአናት በላይ ያለ አየር የሚያበራው ብርሃን ራሱ ረጅም መንገድ አቋርጦ ሰማያዊው ተነጥሎበት የመጣ ስለሆነ፣ በሬይሌይ ብተና ብቻ ቢሰላ የአናቱ ሰማይ ግራጫማ፣ ወደ ቢጫም ያደላ መሆን ነበረበት። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ኸልበርት እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳሳየው የቀረውን ሥራ የሚሠራው ኦዞን ነው። ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ጋዝ በ600 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርቱካናማና ቢጫ ብርሃን ይውጣል፤ እዚህ ላይ እንደ ብተናው አቅጣጫ መቀየር ሳይሆን በእርግጥም መዋጥ ነው። ቀን ብርሃኑ የኦዞኑን ንብርብር በቀጥታ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ተጽዕኖው አይታይም፤ ፀሐይ በምትጠልቅበት ጊዜ ግን ጨረሩ በንብርብሩ ውስጥ አግድም ረጅም መንገድ ስለሚሄድ የተዋጠው መጠን ይበዛል። ስለዚህ የቀኑ ሰማያዊ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ነው፤ የመግሪብ አዛን በሚሰማበት ሰዓት በአናትዎ ላይ ያለው የጠለቀ ሰማያዊ ግን በአብዛኛው የኦዞን ነው።